ሰዓቱን ጠበቅሁ፣ ወር አበባዬ ቀረ

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ጂም እገባለሁ፣ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር መስቀል አደባባይ እንሮጣለን። ከሦስት ወር በፊት ኮቻችን ሁላችንንም ፋስቲንግ አስጀመረን። የምንበላው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ውሃና ስኳር የሌለው ቡና። እኔ 7 ሰዓት ላይ ሽሮ በአንድ ተኩል እንጀራ፣ 10 ሰዓት ላይ ሙዝና ሻይ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰላጣ በሁለት እንቁላል እበላለሁ። ከ63 ኪሎ ወደ 58 ወርጃለሁ፤ ቁመቴ 1.66 ነው። ያየኝ ሁሉ «አማረብሽ» ይለኛል።

ግን ወር አበባዬ ሁለት ጊዜ ቀረ። ክብደት ተሸክሜ ቁጭ ብድግ የምልበትን ስኳት በ60 ኪሎ እሠራ ነበር፣ አሁን 50ው ያስጨንቀኛል። ሁሌም ይበርደኛል፣ እንቅልፌም ተዛብቷል። ለኮቹ ስነግረው «ሰውነትሽ ስብ ማቃጠል እየለመደ ነው፣ እንዳታቋርጪ» አለኝ። እውነትም የቡድናችን ወንዶች ተመችቷቸዋል። ብተወው ኪሎው ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ፤ በየሳምንቱ ኪሏችንን በቴሌግራም ግሩፓችን ስለምንለጥፍ ደግሞ አፍራለሁ። በዚያ ላይ እናቴ እኔን አይታ ጀመረች። ስኳር አለባት፣ ጠዋት ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ሁዳዴም እየገባ ነው። ልተወው ወይስ ልታገሥ?

መልስ

እህቴ፣ ከእናትሽ እንጀምር። የአንቺን ጉዳይ ለማስተካከል ሳምንታት አሉን፤ የእሳቸው ግን የሰዓታት ነገር ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ምግብ ይምጣ አይምጣ አይጠብቅም። ኪኒኑ ጠዋት ተውጦ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ሆድ ባዶ ከሆነ፣ ኢንሱሊኑ ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር አደገኛ እስኪሆን ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሐኪማቸው ባዘዘው መሠረት ኪኒኑን ከቁርስ ጋር ይውሰዱ። «እንግዲያው ኪኒኑን ልተወውና ልጹም» ካሉሽም አትስማሚ፤ መድኃኒቱን ማቆምም ሆነ መጠኑን መቀየር ከሐኪማቸው ጋር የሚወሰን ነው።

የስኳር መውረድ ምልክቱን አንቺም ብታውቂው ይጠቅማል። ብርድ ሳይኖር የሚቀዘቅዝ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዚያ የንግግርና የሐሳብ መዘባረቅ ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፤ «ዜሮ» የሚባለው ግን ስኳር ስለሌለው አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፣ ካልተነሣ ድገሚ፣ ከተነሣ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ አብያቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም እንዳትሰጪ፤ በጎናቸው አስተኝተሽ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ነው። ተሽሏቸው ቢነሡ እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው፤ የዚህ መድኃኒት ኃይል ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እናትሽ ሁዳዴን መጾም ከፈለጉ ጾሙ ሳይገባ የስኳር ክትትል ወደሚያደርጉበት ሄደው ይንገሩ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል፤ ጾሙ ከገባ በኋላ መሄድ ግን ዘግይቶ ነው። የንስሐ አባታቸውም ለታመመ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ።

አሁን ወደ አንቺ። ፋስቲንጉን ዛሬ አቁሚ። ይህን የምልሽ ኪሎሽ ስለወረደ አይደለም። ወር አበባ ሁለት ጊዜ መቅረቱ፣ ጉልበት መቀነሱ፣ ብርዱና የእንቅልፉ መዛባት አንድ ላይ ሲመጡ የመልመድ ምልክት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሰውነትሽ ወጪ እየቀነሰ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። የሚገባው ጉልበት ሲያንስ ሰውነት በቅድሚያ የሚቆጥበው ለዛሬ ሕይወት የግድ ባልሆነው ላይ ነው። የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል፣ ከጂም በኋላ የሚደረገው የጡንቻ ጥገና ይዘገያል፣ ወር አበባን ከአንጎል የሚያዝዘው ሆርሞንም ምቱ ይዛባል። እሱ ሲዛባ እንቁላል አይለቀቅም፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፤ ኢስትሮጅን ሲወርድ ደግሞ አጥንት ይሳሳል። በአስፋልት ላይ ለምትሮጥ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስኪ ቅልጥምሽን ከፊት ለፊት በጣትሽ ተጭነሽ እይው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ለይቶ የሚያምሽ፣ ስትሮጪም የሚብስ ቦታ ካለ፣ እስኪመረመር ድረስ መሮጥ የለም።

ከዚያ በፊት ግን ማጣራት ያለብሽ ነገር አለ። እርግዝና ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ? «በፍጹም» ብትይም ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዝተሽ አረጋግጪ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ወስደሽ ከሆነ እሱ ራሱ ወር አበባን ሊያስቀር ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪ። ከዚያ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂና የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ እንዲሁም የደም ማነስና የአይረን መጠንሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። «ወር አበባሽን እናምጣው» ተብሎ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ብቻ ቢታዘዝልሽ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ደግመሽ ጠይቂ። በኪኒን የሚመጣው ደም ሰውነትሽ በራሱ ያመጣው ዑደት አይደለም፤ ችግሩንም ሸፍኖ ሊያቆየው ይችላል።

ምርመራው ሌላ ካላሳየ የችግሩ መነሻ ምን እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታያል። በጣም ያስገረመን ነገር ቢኖር የምትበዪባቸው ሰዓቶች ናቸው፤ 7፣ 10 እና 2 ሰዓት። እነዚህ ሰዓቶች በስፖርተኞች ላይ ከተደረጉት የፋስቲንግ ጥናቶች በብዛት ከሚጠቀሰው ጋር ልክ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት ክብደት በማንሣት ልምድ ያላቸውን 34 ወንዶች ለስምንት ሳምንት ተከታተለ። ግማሾቹ በእኛ አቆጣጠር 7፣ 10 እና ማታ 2 ሰዓት ብቻ በሉ፤ ሌሎቹ እንደ ወትሮው ጠዋትም በሉ። በ7 ሰዓት የጀመሩት ወደ 1.6 ኪሎ ስብ ሲቀንሱ ጡንቻቸውም ጉልበታቸውም አልቀነሰም። ኮችሽ የሰማው ይህን ከሆነ የሰማው እውነት ነው።

ያልተነገረሽ ግን ሌላው ግማሽ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚበሉት ሰዓት ይጠር እንጂ የሚበሉት መጠን አልተቀነሰም። በቀን 2,800 ካሎሪ አካባቢ፣ በየኪሎ ክብደታቸውም 1.9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበሉ ነበር። ስፖርቱን የሚሠሩት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ከበሉ በኋላ ነው፤ ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ እራት አለ። አንቺ የምትሠሪው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ እራት ከበላሽ አሥር ሰዓት በኋላ። 1 ሰዓት ላይ ጨርሰሽ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ለተጎዳው ጡንቻ መጠገኛ የሚሆን ምንም ነገር አይገባም። ከጥናቱ የተወሰደው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሳህኑ አልተወሰደም። በነገራችን ላይ፣ ሁሉን አሟልተው በበሉት በእነዚያ ወንዶችም ላይ ቴስቶስተሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ወርዷል። የሆርሞኑን ነገር የ«ፋስቲንግ ያጠነክራል» ሰዎች ሲያወሩት አትሰሚም።

ሳህኑ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ክብደት ማንሣት ለሚጀምሩ ወጣት ወንዶች ስፖርት በማይሠሩበት ቀን አራት ሰዓት ብቻ እንዲበሉ አደረገ። በኪሎ 1 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ብቻ ይበሉ ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደ ወትሮው የበሉት ሁለት ኪሎ ከምናምን ጡንቻ ሲጨምሩ እነዚህ ምንም ያህል አልጨመሩም።

አሁን የአንቺን ሳህን እንየው። ግምት ነው፤ የእንጀራው ውፍረትና የሽሮው ዘይት ቤት ለቤት ይለያያል። ሽሮ በአንድ ተኩል እንጀራ ወደ 700 ካሎሪ፣ ሙዝና ሻይ 150፣ ሰላጣው ከዘይቱና ከሁለቱ እንቁላል ጋር 350 ብንል ድምሩ 1,200 ነው። የአንድ ሰዓት ጂም 350 ያህል ይወስዳል፤ ለልብሽ፣ ለአንጎልሽ፣ ለአጥንትሽና ለወር አበባሽ የሚቀረው 850 ነው። ሐኪሞች ይህን ቀሪ የሚያካፍሉት ከስብ ውጪ ላለው ክብደት ነው። የስብሽ መጠን 24 በመቶ አካባቢ ነው ብንል ከ58ቱ ኪሎ 44ቱ ከስብ ውጪ ነው። 850 ለ44 ሲካፈል 19 ይመጣል። ጤናማ የሚባለው 45 አካባቢ ሲሆን፣ ከ30 በታች ከወረደ ችግር ይጠበቃል። 30 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ብትይ፣ አን ላውክስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት ወር አበባቸው የተስተካከለ ወጣት ሴቶችን ለአምስት ቀን ብቻ ከዚህ በታች ስታበላቸው ወር አበባን የሚመራው የሆርሞን ምት ተዛባ። በአምስት ቀን! አንቺ በሦስት ወርሽ ነሽ። እርግጥ 30 ለሁሉም ሴት እኩል የሚሠራ ገደል አይደለም፣ የጂም ሚዛን የሚያሳየው የስብ መጠንም ይሳሳታል። ነገር ግን 19ን በምንም ስሕተት 30 ማድረስ ከባድ ነው።

ፕሮቲኑም እንደዚያው ነው። ሽሮውና እንጀራው 25 ግራም፣ ሁለቱ እንቁላል 12፣ የቀረው ከቁጥር አይገባም፤ በአጠቃላይ 40 አይሞላም። ክብደት ለሚያነሣ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ጥሩ ግብ ነው፤ ላንቺ 93 ግራም ማለት ነው። ስኳትሽ ከ60 ወደ 50 የወረደው በዚህ ምክንያት ከሆነ ከወረዱት አምስት ኪሎዎች ሁሉም ስብ አይደሉም።

«ታዲያ ወንዶቹ ለምን ተመቻቸው?» የሚለው ሐሳብሽ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ሰውየው 85 ኪሎ ነው፣ ቀድሞ ከሥራ በኋላ ቢራና ጥብስ ነበረው፣ ማታ 4 ሰዓትም ይበላ ነበር። ፋስቲንጉ ያን ሲከለክለው ትርፉ ብቻ ይቀነሳል፤ መሠረቱ አይነካም። የቀነሰው ካሎሪው ነው፣ ሰዓቱ ለመቀነስ ያመቸው መንገድ ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ነው፣ ሁሉም እኩል የካሎሪ ገደብ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ሰዓት የጠበቁት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ያልጠበቁት 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም የሚሰጠው አልሆነም። ስለዚህ ሰዓት መጠበቅ የሚቀለው ሰው ይጠቀምበት፤ የማይቀለው ምንም አያመልጠውም። ይህም ለአዋቂና ለጤነኛ ሰው ነው። እርጉዝና አጥቢ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ታዳጊ፣ ክብደቱ ቀድሞም ያነሰ፣ ኢንሱሊን ወይም እንደ እናትሽ ያለ ኪኒን የሚወስድ፣ የጨጓራ ቁስለት የሚያሠቃየው፣ በፊት ከምግብ ጋር ጠብ የነበረው፣ እንዲሁም ወር አበባዋ የተዛባ ሴት አይሞክሩት።

ኮችሽ «በባዶ ሆድ ስብ ይቃጠላል» የሚለውም በከፊል እውነት ነው። በዚያች ሰዓት የምታቃጥዪው ስብ ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲታይ ግን ይካካሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት 20 ወጣት ሴቶች ለአራት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ሠርተው፣ ግማሾቹ በባዶ ሆድ ግማሾቹ በልተው፣ በመጨረሻ የቀነሱት ስብ ተመሳሳይ ሆነ። የዕድገት ሆርሞን ይጨምራል የሚባለውም በጾም ሰዓት እውነት ይጨምራል፤ ነገር ግን ጡንቻን ለመገንባት ከእሱ ቀጥሎ የሚሠራው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጡንቻ አይሆንም። ሴሎች ራሳቸውን ያጸዳሉ የሚለው ደግሞ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል የተሸለመበት እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ሥራው ግን በእርሾ ላይ የተጀመረ ነው። ከእሱ ተነሥቶ «16 ሰዓት ስትጾሚ ይህን ያህል ታድሳለሽ» የሚል መለኪያ ለሰው አልተገኘም።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምን ትበያለሽ? ከ1,200 ወደ 2,300 ካሎሪ በአንድ ቀን መዝለል ሆድሽን ይነፋዋል፤ አንቺንም ያስደነግጥሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 1,700 ከፍ በዪ፣ በሁለተኛው 2,000፣ በሦስተኛው 2,300። መጀመሪያ የሚጨመረው የጠዋቱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሙዝና አንድ ቁራጭ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ይበቃል፤ ይህ ለጂሙ ጉልበት ነው፣ ጨጓራም አይከብድም። ቡናሽን ከእሱ በኋላ ጠጪ፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚደጋገመው ቡና ረሃብን ከመሸፈኑም በላይ ለእንቅልፍሽ መዛባት ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባይኖር ይሻላል። ከጂም እንደወጣሽ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስት እንቁላል በሁለት ቁራጭ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት። ይህ ብቻውን 30 ግራም ፕሮቲን ያልፋል። ቤት መድረስ ካልተመቸሽ ካዛንቺስ ካፌ ገብተሽ ፉል በእንቁላል እዘዢ፤ ፉል በጣም የተናቀ የስፖርተኛ ቁርስ ነው።

ምሳሽ እንዳለ ይሁን፤ አንድ ተኩል እንጀራ ጥሩ ነው። ሽሮውን ግን አንዳንድ ቀን በወፍራም ምስር ወጥ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በጥብስ ቀይሪው። ሥጋው አይረንም ይሰጥሻል። 10 ሰዓት ላይ ከሙዙ ጋር አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም አንድ ኩባያ እርጎ ጨምሪ። እራት ላይ ሰላጣው ብቻውን አይሆንም፤ ድንች ወይም ሩዝ አድርጊበትና ሁለቱን እንቁላል ወይም ዓሣ አስከትዪ። ይህን ሁሉ ስትደምሪው 2,300 ካሎሪና 90 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ይሆናል።

ጂሙንም አቅልዪው። ለስድስት ሳምንት ያህል ከአምስት ቀን ወደ ሦስት አውርጂ፤ ክብደቱን አትተዪው፣ ያለ ዕረፍት እየተቀያየረ የሚሠራውን ሰርኪትና የእሑዱን ሩጫ ግን አቁሚና በእግር ጉዞ ተኪው። ስኳቱን ከ50 ጀምረሽ በጥሩ አሠራር ሥሪ። ሚዛኑ ላይ ግን አንድ ነገር ጠብቂ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ትጨምሪያለሽ። ይህ በአብዛኛው ውሃና በጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀም ስኳር ነው፤ ጡንቻሽ ባዶ ስለነበር እየሞላ ነው። በዚያ ደንግጠሽ ወደ 7 ሰዓት እንዳትመለሺ። ዝግ ብሎ ከዚያ በላይ ቢጨምርም፣ በ1.66 ቁመት 60 ወይም 61 ኪሎ ጤናማ ነው።

ይህን ስታነቢ ውስጥሽ ምን ተሰማው? ጠዋት እንቁላል መብላት ረሃብሽን የሚያስታግስ ሐሳብ ሆነ ወይስ ፍርሃት? ከ7 ሰዓት በፊት ስትበዪ «ወደቅሁ» የሚል ስሜት ከመጣ፣ ወይም ምግብን ማሰብ ከሥራሽና ከሰው ጋር ከሚኖርሽ ጊዜ በላይ ከሆነ፣ ይህን ከሐኪሙ በተጨማሪ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ንገሪ። ድክመት አይደለም፤ በረሃብ የቆየ አንጎል ስለ ምግብ ብቻ ያስባል። ደግሞም የቴሌግራሙን ግሩፕ ነገር አስቢበት። ሃያ ሰው የሚያየው ኪሎ ለማንም ሰው ፈተና ነው፤ ላንቺ አሁን መርዝ ነው። ለኮችሽ መከራከሪያ አታብዢ፤ «ወር አበባዬ ስለቀረ ሐኪም እስኪያየኝ ፋስቲንጉንና ኪሎ መለጠፉን አቁሜያለሁ፣ ስልጠናዬን በሦስት ቀን አስተካክልልኝ» በዪው። ጥሩ ኮች ከሆነ ሌሎቹንም ሴቶች ይጠይቃል። ካልተቀበለሽ ብሩን ለሌላ ጂም መክፈል ይቻላል።

ሁዳዴን በተመለከተ፣ ጾም የእምነትሽ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወር አበባሽ መቅረት ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ምን እንደሚሉሽ ስሚ። ከእኛ ወገን የምንለው፣ ዘንድሮ 55ቱን ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ጂም መሥራት ላንቺ አይሆንም። ሥጋና ወተት ትተሽ በሰዓቱ መብላት ግን ይቻላል። 93 ግራሙ በጾም ምግብ ይከብዳል፣ አይሳንም። አንድ ሙሉ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ይሰጣል፣ 100 ግራም የሽምብራ ቆሎ 20 አካባቢ፤ ፉል፣ ክክ፣ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር ሲጨመር ይሞላል። የጥራጥሬው ብዛት ሆድሽን ከነፋው ምስሩን አስቀድመሽ ዘፍዝፊና ውሃውን ድፊ። ከቀን አንዳንዱን ሰዓት ሳትበዪ ማለፍ ከተፈቀደልሽ ጂሙን ከጠዋት ወደ ማታ 12 ሰዓት አዛውሪው፤ በልተሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ደግሞ እራት ይጠብቅሽ።

ወር አበባ በሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል። ቀድመው የሚመለሱት ሙቀቱ፣ እንቅልፉና ስኳቱ ናቸው፤ በየሳምንቱ እነዚህን ሦስቱን ጻፊ፣ ለሐኪሙም ውሰጂለት። ሦስት ዑደት ሳይዛባ ከመጣ በኋላ ሰዓት መጠበቅ አሁንም ደስ የሚልሽ ከሆነ ከማታ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው የሌሊቱ 12 ሰዓት ይበቃሻል፤ ጂም በምትሄጂበት ቀን ግን የሌሊቱ ሙዝና ዳቦ አይቀርም። ዑደትሽ ከ35 ቀን ካለፈ ያንንም ተዪውና ሳህኑን እንደገና ደምሪ።